የኤአርፒ ካሽ፦ አራት ሰዓት ወይስ አንድ ደቂቃ?

ሄኖክ፦ የተበላሸ ሰርቨር በሌላ ቀየርን፤ አይፒው ያው 192.168.1.20 ነው። አጠገቡ ያሉት ኮምፒውተሮች ያገኙታል፣ ከራውተሩ ማዶ ያሉት ግን አያገኙትም። ራውተሩ የትኛው አይፒ የየትኛው ማክ እንደሆነ ጠይቆ በሚይዝበት የኤአርፒ ካሽ ውስጥ የአሮጌውን ማክ አድራሻ ለአራት ሰዓት ይዞ ይቆያል አሉኝ። አንድ ደቂቃ ብናደርገው ምን ይጎዳል?

ቤዛ፦ ምንም አይጎዳም። እንዲያውም ለምን ይያዛል? ፓኬት በመጣ ቁጥር «192.168.1.20 ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ዳንኤል፦ በመጣ ቁጥር ከሆነማ ጉድ ፈላ! ጥያቄው የሚላከው ወደ `ff:ff:ff:ff:ff:ff` ነው። ሊንኩ ላይ ያለ ማሽን ሁሉ ተቀብሎ «እኔን ነው?» ብሎ ማየት አለበት። መልሱ ግን ለጠያቂው ብቻ ይመለሳል። አንድ ትልቅ ፋይል ሲወርድ ስንት ሺህ ፓኬት እንደሚያልፍ አስቢው። እያንዳንዱም መልስ እስኪመጣ ቆሞ ሊጠብቅ ነው።

ቤዛ፦ እሺ፣ በየፓኬቱ ይቅር። ሊኑክስ ግን በ30 ሰከንድ አካባቢ ያስረጀዋል፤ ምን ሆነ?

ዳንኤል፦ ያስረጀዋል እንጂ ወዲያው አይጥለውም። እየተጠቀመበት ለዚያው ለሚያውቀው ማክ ብቻ «አሁንም አለህ?» ብሎ ይልካል። ሁሉንም የሚጠይቀው መልስ ካጣ ነው።

ትዕግስት፦ የኔም ኮምፒውተር አንድ ድረ ገጽ አልከፍት ብሎኛል፤ ሌላው ሁሉ ይከፍታል። ካሹን ላጥፋው?

ዳንኤል፦ አይጠቅምሽም። ኤአርፒ ከራውተር አያልፍም። ሌላው ከከፈተ የራውተሩን ማክ በትክክል ይዘሻል ማለት ነው።

ያንተ ነገር ግን፣ ሄኖክ፣ ከሰዓቱ በላይ ነው። የኤአርፒ ጥያቄ የላኪውን አይፒና ማክ ይዞ ነው የሚሄደው። በ1982 በወጣው ደንብ መሠረት ራውተሩ ያ አይፒ ካሹ ውስጥ ካለ፣ ጥያቄውን ሲያይ ማኩን ያድሳል። ስለዚህ አዲሱ ሰርቨር ለሁሉም የሚደርስ ጥያቄ ገና የላከ አይመስልም። ራሱን ለሁሉም እንዲያስተዋውቅ ከሰርቨሩ ላይ ይህን ሞክር፤ `eth0` የሚለውን በራስህ ቀይረው፦

```
arping -U -c 3 -I eth0 192.168.1.20
```

ሄኖክ፦ ከዚያ በፊት የራውተሩን ካሽ አየሁት፤ ማኩ በ`0a` ያልቅ ነበር፣ የአዲሱ ግን `1b` ነው። ትዕዛዙን ስሰጥ ተቀየረ። ማዶ ያሉትም ገቡ።

ቤዛ፦ ታዲያ ዝም የሚል መሣሪያ ሲቀየርስ? አራት ሰዓት ልንጠብቅ ነው?

ዳንኤል፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። ሌላም ምክንያት ልጨምርልሽ። ብዙ ስዊች ማክን የሚያስታውሰው 300 ሰከንድ ነው። ስዊቹ ረስቶ ራውተሩ ካስታወሰ፣ ፓኬቱ በሁሉም ወደብ ይረጫል። ስለዚህ ራውተሩን ከ300 ሰከንድ ትንሽ ዝቅ ባደርገው እመርጣለሁ። አንድ ደቂቃ ግን ሺህ ማሽን ላለበት ሊንክ አልመክርም።

ቤዛ፦ ሺህ ጥያቄ በደቂቃ ለዛሬ ራውተር ምኑ ነው?

ዳንኤል፦ ለራውተሩስ ይሁን። የሚሰማው ግን እሱ ብቻ አይደለም።