«ቤቱን»፦ 3 ፊደል፣ 3 ምዕላድ፣ ግን ተሳስተሃል ተባልኩ

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)፦
ሰላም። የቋንቋ ትምህርት ክፍል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። «ልጁ ቤቱን ሸጠ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ትርጉም በሚለዩ ድምፆች ማለትም በፎኒም፣ ትርጉም ባላቸው ትንንሽ የቃል ክፍሎች ማለትም በምዕላድ፣ እንዲሁም የቃላቱን መቧደን በሚያሳይ ዛፍ ተንትኑ ተባልን። «ቤቱን» ላይ ቤ፣ ቱ፣ ን ብዬ 3 ምዕላድ አወጣሁ። መምህሩ ቁጥሩ ልክ ነው፣ አከፋፈሉ ግን ስህተት ነው ብሎ ዜሮ ሰጠኝ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ምኑ ነው የተሳሳተው? ፎኒሙስ ስንት ነው?

ብርሃን፦
አማርኛ እኮ እንደሚነገረው ነው የሚጻፈው። አንድ ፊደል አንድ ድምፅ ስለሆነ ፎኒሙ 3 ነው። ምዕላዱ ግን 2 ይመስለኛል፤ «ቤት» እና «ኡን»።

እማማ ሰዋስው፦
ብርሃን፣ «ቤት»ን ለይተህ ማውጣትህ ጥሩ ነው፤ የቀረው ግን አያስኬድም። «ቱ»ን ቀስ ብለህ በላት። መጀመሪያ ት፣ ቀጥሎ ኡ ትሰማለህ። አንድ ፊደል ናት፣ ድምፆቹ ግን ሁለት ናቸው። ስለዚህ «ቤቱን» ብ፣ ኤ፣ ት፣ ኡ፣ ን ነው፤ 5 ፎኒም።

የታቦር ልጅ፣ ያሳሳተህም ይቺው «ቱ» ናት። ት የ«ቤት» ናት፣ ኡ ደግሞ የራሷ ምዕላድ። ድንበሩ በፊደሉ መሀል ያልፋል፤ አንተ በፊደል ስለቆረጥክ «ቤት»ን ለሁለት ሰንጥቀኸዋል። «ቤ» ብቻዋን ምን ትርጉም አላት? የላትም። ቁጥሩ 3 ሆኖ መግጠሙ አጋጣሚ ነው። «ልጁን» ብትወስድ ፊደሉም ምዕላዱም 3 ይሆንብሃል፤ «መጽሐፉን» ላይ ግን ፊደሉ 5፣ ምዕላዱ ያው 3 ነው።

ኡ እና ን አንድ አይደሉም። «ቤቱ ፈረሰ» ስትል ኡ ያለ ን መጣች። «ሳራን ጠራት» ስትል ደግሞ ን ያለ ኡ መጣች። አንዷ ያለ ሌላዋ ከቆመች ለየብቻ ይቆጠራሉ። (ኡ «ያ የምናውቀው ቤት» ወይም «የእሱ ቤት» ልትል ትችላለች፤ ያንን አውዱ ይለየዋል።)

መምህርት፣ ከይርጋለም፦
ይህ ነገር እኔንም አስቸግሮኛል። የማስተምረው ሲዳምኛ ነው፣ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ድምፁ ሲጠብቅ ፊደሉ ይደጋገማል፣ ስለዚህ ተማሪ በዓይኑ ያየዋል። በአማርኛ ግን «ይመታል» ተብሎ ተጽፎ ላልቶ ሲነበብ እሱ ሌላ ሰው ይመታል፤ መና ታ ሲጠብቁ ዱላው እሱ ላይ ያርፋል። ታዲያ ይህ የፎኒም ጉዳይ ነው የምዕላድ?

እማማ ሰዋስው፦
ሁለቱም ነው፣ መምህርት። ጥብቀቱ ትርጉም ስለለየ የድምፅ ደረጃ ላይ ይመዘገባል። የመጣው ግን ከምዕላድ ነው። «ተመታ» ላይ ያለችው ተ «ይመታል» ውስጥ ገብታ ቀጥላ ያለችውን መ ትመስላለች፣ ለዚህ ነው መ የምትጠብቀው። ፊደሉ ግን ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጎ ዝም ይላል።

የታቦር ልጅ፦
ገባኝ፣ እማማ። አሁን ደግሞ ዛፉ። ሁለተኛው ጥያቄ «ልጁ ትልቁን ቤት ሸጠ» ነው። ኡ እና ን «ትልቅ» ላይ ተለጥፈዋል፤ ስለዚህ ተሳቢው «ትልቁን» ነው፣ «ቤት» ብቻውን ቀረ ብዬ ነው የሳልኩት።

ጋሽ ደምሴ፦
በእኛ ጊዜ ዛፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ ብለን እንጨርሰው ነበር። «ልጁ» ባለቤት፣ «ሸጠ» ማሰሪያ አንቀጽ። ምን ያስቸግራል?

እማማ ሰዋስው፦
ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ያሉት የየቃሉን ሥራ ይነግረናል። ልጁ የጠየቀው ማን ከማን ጋር እንደተቧደነ ነው።

ቃሎቹን አንቀሳቅሳቸው። «ትልቁን ቤት ልጁ ሸጠው» ይባላል። «ትልቁን ልጁ ቤት ሸጠው» ብትል አሞራ ገደል ያለ ዓሣ ሻጭ እንኳ ይስቅብሃል። አብረው ከተንቀሳቀሱ አንድ ቅርንጫፍ ናቸው፦

```
[ዓ.ነ [ስ.ሐ ልጁ] [ግ.ሐ [ስ.ሐ ትልቁን ቤት] [ግ ሸጠ]]]
```

ስ.ሐ ስማዊ ሐረግ፣ ግ.ሐ ግሳዊ ሐረግ ነው። ኡ እና ን ቅጽሉ ላይ ይጣበቁ እንጂ የታወቀውም የተሸጠውም ቤቱ ነው። በምዕላድ ደረጃ የተለጠፉበት ቦታና በአገባብ የሚያገለግሉት አካል እዚህ ላይ ይለያያሉ። አንተ የመጀመሪያውን ይዘህ ሁለተኛውን ሳልክ።

የታቦር ልጅ፦
ግን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ለ«ን» ለብቻዋ ቅርንጫፍ ሰጥቶ ነው የሳለው። አንቺ ያላወጣሻት ለምንድን ነው? ይቅርታ፣ እርስዎ።

እማማ ሰዋስው፦
አዎ፣ እንደዚያም የሚስሉ አሉ፤ ከሐረጉ በላይ ሰቅለዋት ሐረጉን በሙሉ ከሥሯ ያደርጋሉ። እኔ ከቃሉ አልነጥላትም፤ ከጓደኞቼ ጋርም በዚህ አንስማማም። ለፈተናው የእሱን አሳሳል ተከተል። «ቤት»ን ግን የትም ቢሆን ብቻውን እንዳትተወው።