ፊት ወደ ጎን ሲዞር የሚበላሽ ቅያሪ

ኤዲተሯ፦ ለአጭር ፊልም የተዋናያችንን ፊት በተተኪዋ ላይ እየገጠምኩ ነው። ሁለቱም ፈቅደዋል። የምሠራው ዲፕፌስላብ በሚባለው የፊት መቀየሪያ ፕሮግራም ነው። ወደ ካሜራ ስታይ አሪፍ ነው። ወደ መስኮቱ ዞራ ጎኗ ብቻ ሲታይ ግን አፍንጫው ይጣመማል፣ ፊቱም ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ?

ባለ ጂፒዩ፦ ሥልጠናው አልበቃውም። ሌሊቱን ሙሉ ተይው፣ ይስተካከላል። ደግሞስ የተዋናይዋ የጎን ምስል በበቂ አለሽ? ከሌለ ሞዴሉ ከየት ያመጣዋል?

ጋሽ ሞንታዥ፦ ሁለተኛው ነገርህ ልክ ነው፣ ሥልጠናው ግን ይቆየን። ፕሮግራሙ ዓይን፣ አፍንጫና አገጭ የት እንዳለ የሚያመለክትባቸው ነጥቦች ከተሳሳቱ ሞዴሉ የሚማረው ስህተቱን ነው። እህቴ፣ መጀመሪያ የተተኪዋ ፍሬሞች ያሉበት data_dst ውስጥ ያለውን aligned_debug ፎልደር ክፈቺ። እያንዳንዱ ፍሬም ላይ 68ቱ ነጥቦች ተሥለው ታያለሽ። ጎን ሲሆን የማይታየውን ዓይንና አገጭ ፕሮግራሙ በግምት ነው የሚያስቀምጠው። ግምቱ ደህና ከሆነ የዚያኛው ወገን ነጥቦች አፍንጫው ጠርዝ አካባቢ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ሲበላሽ ግን የዓይን ነጥብ ጆሮ ላይ ወይም ግድግዳው ላይ ታገኛለሽ። የተበላሹትን ከዚያ ፎልደር ብቻ አጥፊና ይሄን አስነሺ፦

```
5) data_dst faceset MANUAL RE-EXTRACT DELETED ALIGNED_DEBUG
```

ያጠፋሻቸውን ፍሬሞች አንድ በአንድ ያመጣልሻል። ሳጥኑን በማውስ ፊቱ ላይ አምጪ፣ በማውሱ ጎማ አሳንሺው ወይም አሳድጊው። ነጥቦቹ አብረው ይቀየራሉ። የሚታየው ቅንድብ፣ የአፍንጫው ጫፍና የከንፈሩ ጥግ ከገጠሙ ይበቃል፣ እለፊ። የተደበቀውን ወገን ፍጹም አደርጋለሁ ብለሽ አትድከሚ።

ሰላም ከባህር ዳር፦ የኔም እንደዚሁ ነው፤ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ፊት ጭራሽ አያገኝልኝም!

ጋሽ ሞንታዥ፦ ያንቺ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፊቱ ጎን ሳይሆን አግድም ነው። ቪዲዮውን ከታች ባለው ትእዛዝ አዙረሽ ሥሪ፣ ሲያልቅ በ `transpose=2` መልሺው።

```
ffmpeg -i in.mp4 -vf "transpose=1" out.mp4
```

ማስክ ሠሪዋ፦ ነጥቡ ተስተካክሎም ፊቱ ከአፍንጫው መስመር አልፎ መስኮቱ ላይ ከፈሰሰ ጥፋቱ የፊቱን ወሰን የሚለየው የማስክ ነው። ጥቂት የጎን ፍሬሞችን በፕሮግራሙ ማስክ መሥሪያ በኤክስሴግ በእጅሽ ከልያቸው፣ ከዛ ማስኩን አሠልጥኚ። የጎን ምስልሽ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ሞዴሉን ስታሠለጥኚ uniform yaw የሚለውን አብሪ፤ ጥቂቶቹ በብዙዎቹ እንዳይዋጡ ያደርጋል።

ኤዲተሯ፦ የጎኖቹን በእጄ አስተካከልኩ፣ አፍንጫው ቀጥ አለ! የሩቁ ዓይን ሊጠፋ ሲል ያሉት ጥቂት ፍሬሞች ላይ ግን አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል።

ጋሽ ሞንታዥ፦ እሷ ቦታ ሁሌም አስቸጋሪ ናት። እኔ ብሆን ሙሉ ጎን ሲሆን የተተኪዋን ፊት እንዳለ እተወዋለሁ፣ ሽግግሩን በቁርጥ እደብቃለሁ።

ማስክ ሠሪዋ፦ አልስማማም። የሁለቱ አፍንጫ ከተለያየ ተመልካች ወዲያው ይነቃል። እነዚያን ፍሬሞች በእጅ ቀለም መንካት ይሻላል።

ኤዲተሯ፦ አፍንጫቸው ይለያያል፣ ያውም በደንብ። ዳይሬክተሩ ደግሞ ቁርጥ አይፈልግም።