ስልኬ ቲቪውን አያገኘውም፣ ዛሬ ማታ ያስፈልገኛል

የፍኖተ ሰላሟ፦ ኧረ ድረሱልኝ። ዩቲዩብ ላይ ያችን የካስት ምልክት ስነካት ትፈልጋለች ትፈልጋለች፣ ቲቪውን ግን አታመጣውም። ዋይፋዩ አንድ ነው። ቲቪውም ስልኬም ኢንተርኔት አላቸው። እናቴ ከገጠር መጥታለች፣ የእህቴን ሰርግ ሳላሳያት ነገ በጠዋት ልትሄድ ነው።

የጂጋው፦ ራውተሩን ነቅለሽ ትንሽ ቆይተሽ ሰኪው። ቲቪውንም እንደዚያው።

ባለ ፍላሽ፦ ካስት ለምን አስፈለገ? ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ቲቪው ጀርባ ላይ መሰካት ነው።

የፍኖተ ሰላሟ፦ ቪዲዮው እኔ ጋ የለም። ፎቶ አንሺው ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ሊንኩን ነው የላከልኝ፣ ስሙን ብፈልገው አይወጣም። ራውተሩን ሁለት ጊዜ ነቅያለሁ።

መምህሩ፦ ችግሩ ግልጽ ነው። ራውተር ሁለት ሞገድ አለው፣ 2.4 እና 5። ቲቪው በአንዱ፣ ስልኩ በሌላው ከሆነ አይተያዩም። ሁለቱንም 2.4 ላይ አድርጊ።

ሙሉ ከማርቆስ፦ መምህር፣ በአብዛኛው ራውተር ሁለቱ ሞገዶች አንድ ቤት ናቸው፣ ይተያያሉ። እህቴ፣ የዋይፋዩን ስም እንዳለ ጻፊልኝ፣ የስልክሽንም የቲቪውንም። ቲቪው ላይ ኔትወርክ ሴቲንግ ገብተሽ አይፒውንም እይልኝ።

የፍኖተ ሰላሟ፦ ስሙ ያው ነው። የስልኬ ብቻ ጫፉ ላይ Guest የሚል አለው። ቲቪውን ያስገባው የአከራያችን ልጅ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ሌላ ፓስወርድ ሰጠኝ። ቲቪው 192.168.1.7 ይላል፣ ስልኬ 192.168.2.31።

ሙሉ ከማርቆስ፦ ይኸው ተገኘ። ሦስተኛዋን ቁጥር እይ፣ አንዱ ጋ 1፣ ሌላው ጋ 2። ስምና ግቢው አንድ ቢመስልም አንቺ በእንግዳ በር ነው የገባሽው። የካስት ምልክቷን ስትነኪ ስልክሽ «ቲቪ የሆነ አለ?» ብሎ ይጣራል። ጥሪው 224.0.0.251 ወደሚባል የጋራ አድራሻ ነው የሚሄደው፣ መልቲካስት ይሉታል። ይህ ጥሪ ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው አይሻገርም፣ ራውተሩም አያሻግረውም። ኢንተርኔት ለሁለታችሁም መስራቱ ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም።

ለዛሬ ማታ ግን ራውተሩን አትንኪ። ቲቪው ላይ ዩቲዩብ ክፈቺ፣ Settings ግቢ፣ Link with TV code የሚለውን ምረጪ። 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ያወጣልሻል። ስልክሽ ላይ የካስት ምልክቷን ስትነኪ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ያው Link with TV code አለ፣ ቁጥሩን ጻፊበት። ይኸኛው በኢንተርኔት በኩል ስለሚያገናኝ አንድ ኔትወርክ መሆን አያስፈልገውም። ከዚያ ሊንኩን ስልክሽ ላይ ክፈቺው፣ ቲቪው ላይ ይወጣል። የሚሰራው ለዩቲዩብ ብቻ ነው፣ የስልክሽን ፎቶ አያሳይልሽም።

የጂጋው፦ ቲቪውንም Guest ላይ ብታስገባው አያልቅም እንዴ?

ሙሉ ከማርቆስ፦ ላያልቅ ይችላል። ብዙ ራውተር እንግዶችን እርስ በርስም ይለያል፣ ሁለቱም Guest ላይ ሆነው ሦስተኛዋ ቁጥር አንድ ዓይነት ሆና እንኳ አይተያዩም። አንዳንዱ ላይ Allow guests to see each other የሚል አለ፣ ሌላው ላይ AP Isolation ይባላል። እሱን የሚነካው ባለቤቱ ነው። ቀላሉ መንገድ የዋናውን ዋይፋይ ፓስወርድ መጠየቅ ነው፣ ቲቪውን ራሱ ልጁ ስላስገባው የሚከለክልሽ አይመስለኝም።

ከባሕር ዳር፦ እኔም ሆቴል ውስጥ እንዲሁ ሆኖብኝ አንድ ሰዓት ታገልኩ። በኋላ በሁለተኛው ስልኬ ሆትስፖት ከፍቼ ቲቪውንም ስልኬንም እዚያ አስገባኋቸው፣ ወዲያው ተገናኙ። ዳታ ግን ይበላል።

ነጋዴው ከቡሬ፦ እኔ ጋ ሌላ ነው። ሁለቱም ዋናው ላይ ናቸው፣ ሦስተኛዋ ቁጥርም አንድ ናት። ቲቪው እንደበራ ይታያል፣ ትንሽ ቆይቶ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ራውተሩን ሳጠፋና ሳበራ ይመለሳል። ኢንተርኔቱ ደካማ ስለሆነ ነው?

መምህሩ፦ አዎ፣ ፍጥነቱን አሳድግ።

ሙሉ ከማርቆስ፦ ፍጥነት አይደለም፣ ቲቪ መፈለግ ከቤት አይወጣም። ስልክህ ላይ ቪፒኤን ካለ መጀመሪያ አጥፋው። የለም ከሆነ፣ እየታዩ ቆይቶ መጥፋት የIGMP Snooping ጠባይ ሊሆን ይችላል። ራውተሩ መልቲካስቱን ማን እንደሚፈልገው መዝግቦ ይይዛል፣ መዝገቡ ሲያረጅበት ወደ ቲቪው መላኩን ያቆማል። ራውተሩ ገጽ ላይ ካገኘኸው አጥፋና አንድ ቀን እየው። የዋይፋይ ማራዘሚያ አለህ? ካለህ ቲቪውን ለጊዜው ወደ ዋናው ራውተር አስጠግተህ ሞክር።

ነጋዴው ከቡሬ፦ ማራዘሚያ አለኝ፣ ሱቁና ቤቱ መሐል። ራውተሩ ላይ ግን የምትለው ስም የለም። Multicast የሚል ብቻ አለ።

ሙሉ ከማርቆስ፦ ሥሩ ያሉትን እንዳሉ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ሳላይ አጥፋ አልልህም። የፍኖተ ሰላሟ፣ ቁጥሩን ተቀበለሽ?

የፍኖተ ሰላሟ፦ ቁጥሩ ወጥቷል፣ ልጽፈው ስል መብራት ሄደ።