ለሽምግልና ቀጠሮ ላይቭ ሎኬሽን ይሻላል ወይስ ቋሚ ፒን?

የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)

እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቻችን ጎንደር ቀሃ አካባቢ ወደሚገኘው የልጅቷ ቤተሰቦች ቤት ይሄዳሉ። ሦስቱ ከዳባት በአጎቴ ልጅ መኪና፣ ሁለቱ ከአዘዞ ይመጣሉ፤ ሁሉም መጀመሪያ ፒያሳ ተገናኝተው አብረው ይሄዳሉ። ባለፈው እኔ ብቻዬን ስሄድ የልጅቷ ወንድም በቴሌግራም የላከልኝ ሎኬሽን ከወንዙ ማዶ ጣለኝና ሩብ ሰዓት ያህል በእግሬ ስዞር ቆየሁ። አሁን ለሽማግሌዎች የቱን እንላክ? ላይቭ ሎኬሽን ወይስ ያንኑ ፒን?

ባለባጃጁ

ወንድሜ፣ እኔ በቀን ብዙ ሰው በሎኬሽን ስለማደርስ የምመክርህ ላይቩን ነው። ፒን አንዴ ከተሳሳተ እንደተሳሳተ ይቀራል፤ ላይቭ ግን ስልኩ ቦታውን አጥርቶ ሲያገኝ ራሱን ያስተካክላል። በእኔ ልምድ ደንበኛ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የላከው ፒን ብዙ ጊዜ ጎረቤት ሰፈር ላይ ይወድቃል፣ ላይቭ ሲልክልኝ ግን ደጃፉ ድረስ እደርሳለሁ። ጉዳቱ ዳታ በጣም መብላቱ ነው፤ ስለዚህ የልጅቷ ወንድም ጥሩ ጥቅል ገዝቶ ይጠብቅ።

ቀያሽ

ባለባጃጁ ፒን ራሱን አያስተካክልም ማለቱ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ቤት አይንቀሳቀስም። የማይንቀሳቀስ ነገር አንድ ጊዜ በትክክል ከተጠቆመ ለዘለዓለም ያው ነው፤ ስለዚህ ለልጅቷ ቤት የሚያስፈልገው ፒን ነው። የሚንቀሳቀሰው ከዳባት የሚመጣው መኪና ነው፤ ላይቭ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። የልጅቷ ወንድም ላይቭ ቢያጋራና ሽማግሌዎቹን ሊቀበል ወደ አስፋልቱ ቢወጣ ምልክቱም አብሮት ይወጣል፤ ሾፌሩም ቤቱን ሳይሆን ልጁን እያሳደደ ይነዳል።

ባለፈው ፒኑ ለምን ወንዝ እንደተሻገረ መገመት ይቻላል። ስልክ ሰማዩን በግልጽ በማያይበት፣ በተለይም ቆርቆሮ ጣሪያ ወይም ወፍራም ግንብ ባለበት ቤት ውስጥ ሲሆን ከሳተላይት በቂ ምልክት ስለማያገኝ በኔትወርክ ግምት ይሞላል፤ ግምቱም በመቶዎች ሜትር ሊስት ይችላል። ቀሃን በመሰለ ገደላ ገደል ሰፈር ሁለት መቶ ሜትር ማለት የወንዙ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው፤ ሩብ ሰዓትህ የሄደውም ምናልባት በዚህ ነው።

መፍትሔው ሎኬሽን ከመላክ በፊት ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ቴሌግራም ላይ የወረቀት መያዣ ምልክቷን ነክቶ Location ሲመረጥ፣ Send my current location ከሚለው ስር Accurate to ብሎ የሜትር ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ 300 ከሆነ አይላክ። ወደ ግቢው ወጥቶ፣ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢቆም ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 ወይም 20 ሜትር ይወርዳል፤ ያኔ ይላክ። ከቤት ወጥቶ መቆም የማይመች ከሆነ ደግሞ ካርታውን በጣት እየገፋ፣ በሳተላይት ምስሉ የቤቱን ጣሪያ አይቶ ምልክቷን በላዩ ላይ አድርጎ Send selected location ይበል። ይህ የስልኩን ግምት ሙሉ በሙሉ ይተካዋል።

ስለ ዳታ፣ ላይቭ የሚያጋራው ስልክ የሚልከው ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ በመሆኑ ብዙ አይበላም። ዳታ የሚበላው ካርታውን ከፍቶ የሚያየው ሰው ስልክ ነው። የሚያጋራው ስልክ በእርግጥ የሚጎዳው ባትሪ ላይ ነው።

የአዘዞዋ እናት

እኔ ልጄ ባሕር ዳር ስትማር ሎኬሽኗን ሁልጊዜ እንዳይ አድርጋልኝ ነበር። አንድ ቀን ምልክቷ መንገድ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሞ አየሁትና መኪናው ተገልብጧል ብዬ ለአባቷ ስደውል ዋልኩ፤ ለካ ኔትወርክ አጥታ ነበር እንጂ በሰላም ወንበሯ ላይ ተኝታ ነበር። እና እኔ ይህን ነገር ለሽማግሌ ባታደርጉት እላለሁ። ልጆቼ፣ ለሁልጊዜ መክፈትስ የት ጋ ነው የሚጠፋው? እስካሁን አልጠፋልኝም።

ቀያሽ

እትዬ፣ የእርስዎ ታሪክ ለጠያቂው ዋናው ትምህርት ነው። የላይቭ ምልክት መኪናው የት እንዳለ አይናገርም፤ ስልኩ መጨረሻ ላይ ኔትወርክ ባገኘበት ሰዓት የት እንደነበረ ነው የሚናገረው። ከምልክቱ አጠገብ updated ብሎ ከስንት ደቂቃ በፊት እንደታደሰ ይጽፋል። ምልክቱ ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ አንድ ደቂቃ ካለ መኪናው በእርግጥ ቆሟል፤ 25 ደቂቃ ካለ ግን መኪናው ምናልባት ያንን ቦታ ብዙ ኪሎ ሜትር አልፏል። ምልክቱን ከማየትዎ በፊት ደቂቃውን ያንብቡ።

ስለ ማጥፋቱ፣ የቴሌግራም ከሆነ ልጅዎ ራሷ ለእርስዎ በላከችው መልእክት ላይ ያለውን ካርታ ከፍታ Stop sharing ማለት አለባት። ከእርስዎ ስልክ ላይ የሚጠፋ ነገር የለም፤ የሚያጋራው ሰው ነው የሚያቆመው።

የዳባት ሰው

ከዳባት ወደ ጎንደር ያለውን መንገድ በየሳምንቱ ስለምመላለስበት አንድ ነገር ልጨምር። መንገዱ ተራራ ለተራራ ስለሆነ ኔትወርክ በመሃል ይቆራረጣል፤ እትዬ ያሉት ነገር እሑድም መከሰቱ አይቀርም። ደግሞ እባካችሁ የሚያጋራው ሾፌሩ እንጂ ሽማግሌዎቹ አይሁኑ። ጋሼዎቹ ብዙዎቹ ቁልፍ ያለው ስልክ ነው የሚይዙት፣ የሚነካ ስልክ ያለውም ቢሆን ሎኬሽን ክፈት ሲሉት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነው።

ሌላው የጊዜው ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ Share My Live Location for… ሲነካ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት፣ 8 ሰዓት ወይም ራስህ እስክታጠፋው ድረስ ብሎ ያስመርጣል። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ 1 ሰዓት መርጬ ገና ከመንገዱ አጋማሽ ሳልደርስ አለቀብኝ፤ ጎንደር የሚጠብቀኝ ሰው ግን አምባ ጊዮርጊስ ቆሜ ሻይ የምጠጣ መስሎት ተቆጣ። ጊዜው ሲያልቅ መልእክቱ ከቻቱ አይጠፋም፤ መጨረሻ የነበርኩበት ቦታ ካርታ ላይ ቀርቶ ልክ ፒን ይመስላል። ስለዚህ 8 ሰዓት ይመረጥ፣ ሾፌሩም ፒያሳ ሲደርስ በእጁ ያቁመው።

የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)

በጣም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የአጎቴን ልጅ ሙከራ አስደርጌው ነበር። ስክሪኑን ካጠፋ በኋላ ምልክቱ መንቀሳቀስ አቆመ፤ ስልኩን ሲከፍት ግን ወዲያው ዘለለ። ዳታው ክፍት ነበር፣ ኔትወርክም ነበረው። ምን ይሆን?

ቀያሽ

ይህ ከኔትወርክ ሳይሆን ከስልኩ ነው። አንድሮይድ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ስክሪኑ ሲጠፋ ቴሌግራምን ያስተኛዋል። ወደ ስልኩ ማስተካከያ ገብቶ፣ ከመተግበሪያዎች ዝርዝር ቴሌግራምን መርጦ፣ የLocation ፈቃዱን Allow all the time ላይ ያድርገው። ከዚያ በዚያው ገጽ የባትሪውን ገደብ ያንሳ፤ የዚህኛው ስም እንደ ስልኩ ዓይነት ይለያያል። ሁለቱንም አድርጎ ስክሪኑ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ በመኪና ይሞክር። ካልሰራ ስልኩ ከቻርጀር ጋር ተሰክቶ፣ ካርታው ተከፍቶ፣ ሾፌሩ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እጅ ይሁን።

አንድ የምወደውን ነገር ልጨምርልህ። ቴሌግራም ላይ አንተም ላይቭ ካጋራህ በካርታው ላይ ያለችውን የደወል ምልክት ነክተህ፣ ሌላው ሰው ለምሳሌ 1 ኪሎ ሜትር ሲቀርብህ እንዲያሳውቅህ ማድረግ ትችላለህ። ፒያሳ ቆመህ በየደቂቃው ካርታ ከመክፈት ይልቅ ሽማግሌዎቹ ሲጠጉ ስልክህ ይነግርሃል፤ አንተም የአዘዞዎቹን ትቀበላለህ።

ባለባጃጁ

ስለ ፒኑ ተቀብያለሁ። ግን ለፒያሳውስ? ፒያሳ ብሎ ፒን መላክ እኔን አሳምኖኝ አያውቅም።

ቀያሽ

ትክክል ነህ። ፒያሳ ሰፈር ነው እንጂ ቦታ አይደለም። የፋሲል ግቢ እንኳ ወደ 70,000 ካሬ ሜትር ስለሚሆን፣ ፋሲል ግቢ ተብሎ የተላከ ፒን ግንቡን ያሳያል እንጂ በየትኛው በር እንደምትቆሙ አያሳይም። የካርታውን ቁጥር፣ ማለትም ኬክሮስና ኬንትሮሱን ብንወስድ፣ የግቢው ቦታ ወደ 12.61፣ 37.47 አካባቢ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ማለት ወደ 110 ሜትር ገደማ ነው፣ አምስት አሃዝ ደግሞ ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው በኤስኤምኤስ ወይም በስልክ ቁጥሩን የምታስተላልፉ ከሆነ አምስቱንም አሃዝ አንብቡለት፤ ለማሳጠር ብላችሁ ሦስት ላይ ብታቆሙ ሰውየው የአጥሩ ሌላ ጎን ሊቆም ይችላል። ለሽማግሌዎች ግን ከማንኛውም ቁጥር ይልቅ ከፒኑ ስር "በዋናው በር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ" የሚል አንድ መስመር ይጻፍ።

የአዘዞዋ እናት

እኔ አሁንም አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሾፌሩ ላይቩን የሚለቀው ለአንተ ብቻ ነው ወይስ ቤተሰቡ በሙሉ ባለበት ግሩፕ? የኛ ግሩፕ አርባ ሰው አለው። ሽማግሌ ለጥያቄ መሄዱ ገና ሳይጠየቅ ለሁሉም መታየቱ ነውር አይሆንም?

የማራኪ ልጅ (ጠያቂ)

እትዬ፣ በግሩፕ ከለቀቀ አርባውም ሰው ያየዋል፤ ስለዚህ ለእኔ ብቻ በግል እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። የቤቱን ፒን የልጅቷ ወንድም ዛሬ ጠዋት ግቢ ወጥቶ እንደገና ላከልኝ፤ ሊልክ ሲል Accurate to 12 m ይላል ብሎ በስልክ ነገረኝ። በሳተላይት ምስሉ ሳየው ከወንዙ በእኛ በኩል፣ ጣሪያው ላይ ነው። ለአጎቴ ልጅም አስተላልፌለታለሁ፣ ከዳባት ከመነሳታቸው በፊት ካርታውን በኔትወርክ ከፍቶ እንዲያየው። አባቴ ግን ስለዚህ ሁሉ ስነግራቸው፣ "እኔ ዐውቃለሁ፣ ከድልድዩ በላይ ነው፤ ሰውም እንጠይቃለን" ብለው ሳቁብኝ። ድልድዩ ግን ሁለት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ገና አልነገሩኝም።