በፕላን የሚሸጥ አፓርትመንት ውል ከመፈረሜ በፊት የቱን ላስተካክል? (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ጥያቄ፦ የሳቢያን ተከራይ

ሰላም ለሁላችሁ። መሠረቱ ብቻ ከወጣ ሕንፃ ላይ 100 ካሬ ሜትር ቤት በ6,000,000 ብር ለመግዛት ረቂቅ ውል ተሰጥቶኛል። ስፈርም 30 በመቶ፣ በ6ኛው ወር 25፣ በ12ኛው ወር 25፣ በ18ኛው ወር 15፣ ቁልፍ ስረከብ ደግሞ 5 በመቶ እከፍላለሁ። ርክክቡ በ24 ወር ሲሆን ሻጩ የ6 ወር ተጨማሪ ጊዜ አለው። ከዚያ ካለፈ ከከፈልኩት ላይ በየወሩ 0.5 በመቶ ይክሰኛል፤ ጠቅላላው ግን ከ3 በመቶ አይበልጥም። እኔ ክፍያ ካዘገየሁ በዘገየው ገንዘብ ላይ በወር 3 በመቶ እቀጣለሁ። ዕቃዎች «በተመጣጣኝ» ሊተኩ፣ ስፋቱም 5 በመቶ ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። የቱ ላይ ልከራከር?

የከዚራ ልጅ

እኔ ብሆን የምከራከረው በ0.5 በመቶው ላይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ስለሆነ ከዚያ በታች መቀበል የለብሽም። ሲሚንቶና ብረት ተወድዶ ከዘገየ ግን ከአቅም በላይ ስለሚሆን ካሳ አትጠይቂም፤ እሱን አትድከሚበት።

መሐንዲስ ነኝ

እህቴ፣ ካሳውን ለጊዜው ተዪውና የክፍያውን ሰሌዳ ተመልከቺ። ክፍያዎቹ በሙሉ የታሰሩት በወር እንጂ በሥራው ደረጃ አይደለም። ሕንፃው አንድ ፎቅ ሳይጨምር 18 ወር ቢያልፍ እንኳ 5,700,000 ብር ከፍለሽ ታልፊያለሽ፤ በእጅሽ የሚቀረው 300,000 ብር ብቻ ስለሚሆን ሻጩን የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ «ወሩ ሲደርስ ወይም ሥራው ሲጠናቀቅ፣ ከሁለቱ በዘገየው» ተብሎ ይጻፍ። መጀመሪያ መፈረሚያው ይነስ፤ ሁለተኛው ክፍያ ቤትሽ ካለበት ፎቅ በላይ ያለው ሶሌታ ሲሞላ፣ ሦስተኛው ግድግዳና ልስን ሲያልቅ፣ አራተኛው መስኮት፣ ወለልና የውኃና የመብራት መስመር ሲገባ ይሁን፤ ለርክክብ የሚቀረውም ቢያንስ 10 በመቶ ቢሆን ይሻላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። «ስትራክቸር ተጠናቋል» የሚለው የሻጭ ደብዳቤ ፎርም ወርክ ተመትቶ ብረት ታስሮ፣ ኮንክሪቱ ግን ገና ሳይሞላ ሊጻፍ ይችላል፤ በስልክ የሚላከው ፎቶም የትኛው ብሎክና የትኛው ፎቅ እንደሆነ አይናገርም። ማስረጃው የአማካሪ መሐንዲሱ የተፈረመበት የሥራ ደረጃ ማረጋገጫ እንዲሆን፣ ከመክፈልሽ በፊትም ራስሽ ወይም የምትወክዪው ባለሙያ ሳይት ገብቶ የማየት መብት እንዲኖረው አስጽፊ።

ወ/ሮ ከአዲስ ከተማ

እኔም ባለፈው ዓመት ከግለሰብ ቤት ስገዛ ብዙ ተቸግሬ ነበር። ሻጩ ቤቱን ለባንክ አስይዞት ስለነበር ዕዳው እስኪነሣ ስም ማዛወር አልተቻለም። ስለዚህ ካርታውንና የባለቤቱን የጋብቻ ማስረጃ አይተሽ፣ ቁልፍ ሳትረከቢ ገንዘብ እንዳትሰጪ።

ጠበቃ

የወ/ሮዋ ጉዳይ ያለቀ ቤት ስለሆነ «ቁልፍ ሳትረከቢ አትክፈይ» የሚለው እዚህ አይሠራም፤ ያነሡት የዕዳ ጉዳይ ግን በቀጥታ ይመለከትሻል። ሕንፃው የሚሠራበት መሬት ለባንክ ብድር ተይዞ ከሆነ፣ ከቁልፉ ርክክብ ጋር ከዕዳና ከእገዳ ነፃ የሆነ የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲሰጥሽ የሚያስገድድ አንቀጽ ያስፈልግሻል።

የከዚራው ወንድማችን ካነሣቸው ሁለት ነጥቦች አንዱ ልክ አይደለም፣ ሌላውም ግማሹ ብቻ ነው ልክ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1794 ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ ኃይል እንዳልሆነ ይናገራል። አደጋው «ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው፤ ረቂቅሽ ውስጥ «የገበያ ዋጋ መናር፣ የውጭ ምንዛሪ ወይም የሲሚንቶ እጥረት» ከአቅም በላይ ከሚባሉት ጋር ተዘርዝሮ ከሆነ ሕጉ የሰጠሽን ጥበቃ በራስሽ ፊርማ ትተሽዋል ማለት ነው። እነዚህ ቃላት ይውጡ፤ የቀረውም ቢያጋጥም ሻጩ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ሊያሳውቅ ይገባል። የ9 በመቶውን በተመለከተ፣ ወለዱ የገንዘብ ዕዳን የሚመለከት ስለሆነ ውሉ ፈርሶ ገንዘብሽ በሚመለስበት ጊዜ እንዲታሰብልሽ ማስጻፍ ተገቢ ነው፤ ለቤት መዘግየት ግን መለኪያው በውሉ የተስማማችሁበት ካሳ ነው።

ካሳውን እንይ። ከ5,700,000 ብር 0.5 በመቶ በወር 28,500 ብር ይሆናል፤ ለቤት ኪራይሽ ሳይበቃ አይቀርም። ችግሩ ጣሪያው ነው፤ 3 በመቶ ማለት 171,000 ብር ሲሆን ይህም በስድስት ወር ያልቃል። የ24 ወሩና የ6 ወሩ ጊዜ ሲደመሩ፣ ከውሉ ቀን ጀምሮ ከ36ኛው ወር በኋላ ያለው መዘግየት ለሻጩ ነፃ ነው። ከተቆረጠ ካሳ በላይ መጠየቅ የሚቻለው ደግሞ በሕጉ ጠበብ ባለ ሁኔታ፣ ለምሳሌ ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት በተፈጸመ ጥፋት ነው፤ ይህንንም ማስረዳት ያንቺ ሸክም ይሆናል። በሌላ በኩል አንቺ የ18ኛውን ወር 900,000 ብር አንድ ወር ብታዘገዪ 27,000 ብር ትቀጫለሽ፤ እሱ 5,700,000 ብርሽን ይዞ ሲዘገይ ከሚከፍለው ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጣሪያው ይነሣ ወይም ጣሪያው ሲደርስ ውሉን አፍርሰሽ ገንዘብሽን ከወለዱ ጋር የመቀበል መብት ይኑርሽ። ሁለተኛውን ሻጮች ሲቀበሉ በብዛት አያለሁ።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ እንዳለበት አትርሺ፤ በሻጩ ቢሮ ብቻ የተፈረመ ወረቀት ኋላ መከራከሪያ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የወጣውን የሪል ስቴት አዋጅም ከውሉ ጋር አስተያይተሽ እንድታነቢ እመክራለሁ።

መሐንዲስ ነኝ

ስለ ዕቃ ለውጡ ልጨምር። «ተመጣጣኝ» የሚለውን የሚወስነው ሻጩ ብቻ ከሆነ ቃሉ ባዶ ነው። በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ያየሽው ሁሉ የውሉ አባሪ ሆኖ በየገጹ ይፈረምበት፤ የውጭው ግድግዳ ብሎኬት 20 ሴንቲ መሆኑ፣ የመስኮቱ አሉሚኒየምና የመስታወቱ ውፍረት፣ የሮቶው መጠንና የፓምፑ ኃይል ይጻፍ። በድሬዳዋ ሙቀት 20 ሴንቲው ብሎኬት በ15 ሴንቲ ከተተካ ከሰዓት በኋላ ምዕራብ ባለው ክፍል ውስጥ ትለዪዋለሽ፤ ልስን ከተለሰነ በኋላ ግን በዓይን አይታይም። ውፍረቱን በሜትር መለካት የሚቻለው ግድግዳው ገና ሳይለሰን ስለሆነ ከላይ ያልኩት የሳይት መግቢያ መብት እዚህም ይጠቅምሻል። ለውጥ የሚደረገው በጽሑፍ ፈቃድሽ፣ የዋጋ ልዩነቱም ተመላሽ ሆኖ ይሁን።

ስፋቱም እንዲሁ ነው። በካሬ 60,000 ብር ስለሚያርፍ 5 በመቶ 300,000 ብር ነው። ቤቱ ቢሰፋ ክፈይ፣ ቢጠብ ግን ዝም በይ የሚል ከሆነ አትቀበዪ። 100 ካሬው የቤቱ የውስጥ ስፋት ይሁን ወይስ የደረጃና የኮሪደር ድርሻ ተጨምሮበት እንደሆነም አስጽፊ።

የሳቢያን ተከራይ

እግዜር ይስጥልኝ። ረቂቁን እንደገና ሳነብ «የግንባታ ዕቃ ዋጋ መናር» ከአቅም በላይ ከተባሉት ጋር ተዘርዝሯል። ሻጩ እሱን ለማውጣትና ክፍያውን ከደረጃ ጋር ለማያያዝ ተስማምቷል፤ የካሳውን ጣሪያ ግን በፍጹም አላነሣም ብሏል። ጄኔሬተር እንደሚገባ በቃል ነግሮኝ ነበር፤ በአባሪው ላይ የለም። ይህንንስ አሁን ማስገደድ ይቻላል?

ጠበቃ

ካልፈረምሽ ማስገደድ ሳይሆን መደራደር ነው ያለሽ። ውሉ «ከዚህ በፊት የተነገረውን ሁሉ ይተካል» የሚል አንቀጽ ካለው፣ ያለ አባሪ ጄኔሬተሩን እንደሌለ ቁጠሪው። ጣሪያውን በሚመለከት፣ ካላነሣው የማፍረስ መብቱን ጠይቂው፤ እሱንም እምቢ ካለ እኔ ብሆን 30 በመቶውን አላስገባም፤ ሌሎች ጠበቆች ግን የክፍያ ሰሌዳው ከተስተካከለ መፈረም ይቻላል ሊሉሽ ይችላሉ።