ትከሻው የሰፋና እጅጌው የረዘመ ኮት ይስተካከላል ወይስ ልመልሰው?

የስፌት ባለሙያዎች እባካችሁ እርዱኝ። ባሕር ዳር ነኝ፤ ለሚዜነት ዝግጁ ኮት ገዝቻለሁ። ደረቱ ልክ ነው። የትከሻው ስፌት ግን ከትከሻዬ አጥንት ጫፍ በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በጎኔ ወደ ግድግዳ ስጠጋ ከክንዴ ቀድሞ የሚነካው የኮቱ ስፖንጅ ነው፤ ከሥሩም እጅጌው ይጎደጉዳል። እጅጌው 3 ሴንቲ ስለሚረዝም የሸሚዜን ጫፍ ጨርሶ ይውጠዋል። የኮቱ ቁመት መቀመጫዬን ልክ ስለሚሸፍን እሱን አላስነካም፤ ከታች ቢያጥር ኪሶቹ ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ።

አንድ ልብስ ሰፊ «እጅጌውን ከታች አጥፈዋለሁ» አለኝ። ግን ጫፉ ላይ ያሉት 4 ቁልፎች ለጌጥ የተሰፉ አይደሉም፤ ቀዳዳቸው የተበጣ ነው። 3 ሴንቲ ከታጠፈ የታችኛው ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ይወድቃል፣ የተበጣ ቀዳዳ ደግሞ ወደ ላይ አይነሳም። ስለዚህ ማሳጠሩ ከትከሻ ተፈትቶ መሆን ያለበት ይመስለኛል።

ትከሻው በ1.5 ሴንቲ ከጠበበ እጅጌውም በዚያው ልክ ይነሳል፤ የሚቀረው 1.5 ብቻ ነው። ይህን ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሥራት ይቻላል? ወይስ ስፖንጁም፣ ገበሩም፣ የክንድ መግቢያውም ስለሚፈታ አያዋጣም? ሱቁ የሚቀበለኝ እስከ ነገ ማታ ነው።