ጥቆማ፦ ለጥሩ ተከራይ የምስክርነት ደብዳቤ የት ላስጽፍ?

ሰብለ (አዳማ)፦ እናቴ ግቢ አራት ዓመት ሊሞላው የቀረው ተከራይ ወደ ሃዋሳ ሊዛወር ነው። እዚያ ቤት ያገኘለት ደላላ «ከቀድሞ አከራይህ ወረቀት አምጣ» ብሎታል። እናቴ በደስታ ትሰጠዋለች፣ ግን ጽፋ አታውቅም። ጽሕፈት ቤት ይሻላል፣ ደላላው ይጻፈው፣ ወይስ በእጅ?

ጌታሁን፦ ምን አደከማችሁ! ከቀበሌ መሸኛ ያውጣ፣ በቃ።

ወ/ሮ አልማዝ (ሃዋሳ፣ አከራይ)፦ መሸኛውማ ያስፈልገዋል፣ ለነዋሪነት። ኪራይ በጊዜው መክፈሉን ግን ቀበሌ አያውቅም። እኔ የማየው የአከራዩን ወረቀት ነው። ደላላ የጻፈውን አልቀበልም፤ ኮሚሽኑን የሚጠብቅ ሰው ምስክር አይሆንም። በእጅ የተጻፈ አይከፋም፣ ካልተነበበ ግን ምን ዋጋ አለው? ጽሕፈት ቤት ይተየብ፣ እናትሽ በእጃቸው ይፈርሙ፣ የኪራይ ውሉ ኮፒ ይያያዝ።

ልብ በይ፣ ጽሕፈት ቤቶች የተዘጋጀ ፎርም አላቸው። «ጨዋ፣ ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው» ይላል፣ ለሁሉም አንድ ነው። ባለፈው እንዲህ ያለ ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። የተጻፈው ስልክ ላይ ስደውል ያነሳው ጓደኛው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እንዲህ አስተይቢው፦

«አቶ … ከመስከረም 2014 እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. አዳማ በሚገኘው ቤቴ ተከራይተው ኖረዋል። ኪራይ ወር በገባ በ5 ቀን ውስጥ ከፍለዋል። የመብራትና የውሃ ዕዳ የለባቸውም። የሚለቁት በሥራ ዝውውር ነው። ለማረጋገጥ በስልኬ ይደውሉ።»

ስሙ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን። ቤት ውስጥ የምትጠሩበትን አትጻፉ። እናትሽ ስልክ እንደሚደወልላቸው ይወቁ፤ የማያውቁትን ቁጥር የማያነሱ ከሆነ ያንቺን ጨምሪ።

ናቲ፦ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ ከልክሏል እኮ። አከራይ ምን ፈርቶ ነው ወረቀት የሚጠይቀው?

ወ/ሮ አልማዝ፦ ልጄ፣ አዋጁ ቅድሚያውን ገደበ እንጂ ማንን ላከራይ የሚለውን አልወሰነልኝም። በባንክ ሲከፍል ከነበረ ግን የባንክ ማስረጃውን ያምጣ፤ ከደብዳቤ ይበልጣል።

ሚኪ፦ የኔ አከራይ ማስያዣዬን እስካሁን አልመለሰም፣ ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብል ይስቅብኛል። ሰው ካወቀ ይጠቁመኝ።

ሰብለ፦ ሚኪ፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው፣ ለብቻው ብትጠይቅ ይሻላል። ወ/ሮ አልማዝ፣ ኪራዩ ስንት ብር እንደነበር ይጻፍ?

ወ/ሮ አልማዝ፦ እኔ ባየው ደስ ይለኛል።

ጌታሁን፦ እንዳትጽፉ! ዋጋውን አይቶ ይሰቅልበታል።

ሰብለ፦ እሱን ለተከራዩ ተውንለት። አንድ ነገር ግን ጨመርን፤ አምና የማድ ቤቱን ቧንቧ ሰብሮ በራሱ ገንዘብ አሠርቶታል።

ወ/ሮ አልማዝ፦ እሱን አታውጪው። እኔ የማምነው ያንን ነው።

ሰብለ፦ ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። «ለፋሲካ አዲስ አበባ ስሄድ ዶሮዎቼን የጠበቀልኝስ?» ብላ ተቆጣች። እሱም ገብቷል።